ከላይ የሚበታተን የካሊብሬሽን መስመር፦ ተራ ሊስት ስኩዌርስ ወይስ ክብደት የተሰጠው?

የካሊብሬሽን መስመራችሁ R² 0.9999 ነው። መስመሩ ነጥቦቹን ሁሉ እየነካ ያልፋል። ለማጣራት ያህል ዝቅተኛውን ስታንዳርድ እንደ ናሙና ቆጥራችሁ በዚያው መስመር መልሳችሁ ታሰሉታላችሁ። በእጃችሁ የሠራችሁት 0.1 ሚሊግራም በሊትር 0.089 ሆኖ ቁጭ ይላል። ወደ 11 በመቶ ጎድሏል።

መሣሪያው አልተበላሸም። ስታንዳርዱም ደህና ነው። ችግሩ መስመሩን ያሰመረው ስሌት ላይ ነው። ተራው ሊስት ስኩዌርስ ሁሉም ነጥቦች እኩል ይታመናሉ ብሎ ይነሳል። የስፔክትሮፎቶሜትር ነጥቦች ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደዚያ አይደሉም። ከታች ያሉት ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፣ ከላይ ያሉት ይበታተናሉ። ታዲያ መቼ ነው ተራው መስመር የሚበቃው? መቼስ ለነጥቦቹ ክብደት እንስጥ? በአንድ ምሳሌ ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

ምሳሌው

ብረትን በፌናንትሮሊን መለካትን እንውሰድ። ብረቱ በሃይድሮክሲላሚን ወደ ፌረስ ይቀየራል። ከዚያ ከፌናንትሮሊን ጋር ብርቱካናማ ቀይ ቀለም ይሰጣል። ቀለሙ በ510 ናኖሜትር፣ በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት ይነበባል። በዚህ ዘዴ 1 ሚሊግራም በሊትር ብረት ወደ 0.2 የሚጠጋ አብዞርባንስ ይሰጣል። ከታች ያሉትን ቁጥሮች ለማሳያ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። ባህሪያቸው ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሚያጋጥመው ጋር አንድ ነው።

ስድስት ስታንዳርዶች አሉ። እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ጊዜ ተሠርተዋል። መሣሪያው በብላንክ ዜሮ ተደርጓል።

| ኮንሰንትሬሽን (ሚሊግራም በሊትር) | አማካይ አብዞርባንስ | መበታተን (s) |
|---|---|---|
| 0.1 | 0.022 | 0.0010 |
| 0.2 | 0.042 | 0.0011 |
| 0.5 | 0.101 | 0.0018 |
| 1 | 0.202 | 0.0035 |
| 2 | 0.404 | 0.0070 |
| 5 | 0.983 | 0.0180 |

መበታተን ስል የአምስቱን ንባቦች ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ማለቴ ነው። ከዚህ በኋላ s እያልኩ እጠራዋለሁ።

ደረጃ 1፦ መበታተኑን በትክክል ለኩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና እዚህ ነው። አንዱን ኩቬት መሣሪያው ውስጥ አስቀምጦ አምስት ጊዜ ማንበብ አምስት ድግግሞሽ አይደለም። እንዲህ ካደረጋችሁ የምታገኙት የመሣሪያውን ጫጫታ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ከታችም ከላይም ብዙ ላይለያይ ይችላል። ያኔ «መበታተኑ እኩል ነው» ብላችሁ ትደመድማላችሁ፣ ድምዳሜውም ስህተት ይሆናል።

ከላይ ያለው መበታተን በብዛት የሚመጣው ከዝግጅቱ ነው። ፒፔት 1 በመቶ ቢያበዛ አብዞርባንሱም 1 በመቶ ይበዛል። በ0.1 ስታንዳርድ ላይ ይህ 0.0002 ነው፣ ማንም አያየውም። በ5 ስታንዳርድ ላይ ግን 0.01 ይሆናል። ፍላስኩን እስከ ምልክቱ መሙላት፣ የኩቬቱ አቀማመጥ፣ የቀለሙ ምላሽ ምን ያህል ተሟላ የሚለው ሁሉ እንዲሁ በመቶኛ ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ አብዞርባንስ ሲጨምር ወደ ዲቴክተሩ የሚደርሰው ብርሃን ይቀንሳል። አብዞርባንስ 1 ላይ የሚያልፈው ከአሥር አንዱ ብቻ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ድግግሞሽ ከስቶክ ጀምራችሁ በተለየ ፍላስክ አዘጋጁ። ቀለሙንም ለየብቻ አውጡ። ኩቬቱን አውጥታችሁ፣ አጥባችሁ መልሱ። አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በየቀኑ አይሠራም። ዘዴውን ስታቋቁሙ አንድ ጊዜ በደንብ ከሠራችሁት በኋላ ለረጅም ጊዜ ትጠቀሙበታላችሁ።

አሁን ሰንጠረዡን እዩ። s ከ0.001 ወደ 0.018 አድጓል፣ 18 እጥፍ ማለት ነው። በኤፍ ቴስት ለማየት የሁለቱን s ካሬ ታካፍላላችሁ። 18 በ18፣ 324 ይሆናል። ለአምስት አምስት ድግግሞሽ በ95 በመቶ ወሰኑ 6.39 ነው። ትልቁንና ትንሹን መርጦ ማወዳደር ፈተናውን ትንሽ ያጋንነዋል። ቢሆንም 324 የሚያከራክር ቁጥር አይደለም።

ደረጃ 2፦ ተራውን መስመር አስምሩ፣ ከዚያ ወደ ኋላ አስሉ

ክብደት ለመስጠት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ተራው መስመር ምን ያህል እንደሚጎዳችሁ እዩ። A አብዞርባንሱ፣ x ኮንሰንትሬሽኑ ይሁኑ። በምሳሌያችን የሚወጣው ይህ ነው፦

A = 0.0045 + 0.1963·x

አሁን እያንዳንዱን ስታንዳርድ እንደማይታወቅ ናሙና ቁጠሩት። ከአብዞርባንሱ ላይ 0.0045 ቀንሱ፣ በ0.1963 አካፍሉ። የምታገኙትን ከእውነተኛው ኮንሰንትሬሽን ጋር በመቶኛ አወዳድሩ። 0.1 ላይ 10.8 በመቶ ይጎድላል። 0.2 ላይ 4.4፣ 0.5 ላይ 1.6 በመቶ ይጎድላል። 1 ላይ 0.6፣ 2 ላይ 1.8 በመቶ ይተርፋል። 5 ላይ 0.3 በመቶ ብቻ ይጎድላል።

ነገሩ ግልጽ ነው። መስመሩ በጣም የሚበታተነውን የ5 ስታንዳርድ በጥንቃቄ አስደስቶ፣ በጣም የሚታመኑትን የታችኞቹን ጥሏቸዋል። የ5 ነጥብ ከሌሎቹ ርቆ ስለሚቀመጥ መስመሩን እንደ ረጅም እንጨት ጫፍ ይዞ ያነቃንቀዋል። ጫፉ ትንሽ ዝቅ ሲል ስሎፑ ይቀንሳል፣ ኢንተርሴፕቱ ደግሞ ከፍ ይላል። 0.0045 ለ5 ስታንዳርድ ኢምንት ነው። ለ0.1 ስታንዳርድ ግን ከጠቅላላ አብዞርባንሱ አንድ አምስተኛ ነው።

R² ይህን አይነግራችሁም። እሱም የሚዳኘው በትልልቅ ቁጥሮች ነውና። እኔ በበኩሌ R²ን ካየሁ በኋላ እንዳላየሁት አድርጌ ወደ መቶኛዎቹ እሄዳለሁ።

ደረጃ 3፦ ክብደት ያስፈልጋችኋል ወይ?

ሁልጊዜ አያስፈልግም። ሦስት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ናሙናዎቻችሁ የት ነው የሚወድቁት? ሁሉም በ2 እና በ5 መካከል ከሆኑ ተራው መስመር ብዙም አይጎዳችሁም። አብዞርባንሱ 0.600 የሆነ ናሙና በተራው መስመር 3.03 ይወጣል። በኋላ በምናየው ክብደት በተሰጠው መስመር 3.01 ነው። ልዩነቱ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። አብዞርባንሱ 0.030 ለሆነ ናሙና ግን ተራው 0.130 ሲል ክብደት የተሰጠው 0.140 ይላል። የ7 በመቶ ልዩነት ነው።

ሁለተኛ፣ ክልሉ ምን ያህል ሰፊ ነው? የእኛ ከ0.1 እስከ 5፣ 50 እጥፍ ነው። ክልሉ አምስት እጥፍ ገደማ ሲሆንና s ከታች ወደ ላይ ሁለት እጥፍ እንኳ ካልሞላ፣ እኔ ተራውን እጠቀማለሁ። ይህ የልምድ መለኪያ እንጂ ሕግ አይደለም።

ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል፦ ክልሉን ማጥበብ ይቻላል ወይ? ናሙናዎቻችሁ ሁሉ ከ1 በታች ከሆኑ የ2 እና የ5 ስታንዳርዶች ምን ይሠራሉ? አውጧቸው። በቀሩት አራት ነጥቦች ተራው መስመር A = 0.0018 + 0.1999·x ይሆናል። ያው 0.030 ናሙና 0.141 ይወጣል። ያለምንም ክብደት ችግሩ ቀለለ። ክብደት መስጠት የሚገባችሁ ከታችም ከላይም ናሙና ኖሯችሁ በአንድ መስመር መሥራት ስትፈልጉ ነው።

ደረጃ 4፦ ክብደቱን ምረጡ

ሐሳቡ ቀላል ነው። የሚበታተን ነጥብ ትንሽ ድምፅ፣ የሚታመን ነጥብ ብዙ ድምፅ ይኑረው። ትክክለኛው ክብደት 1/s² ነው። ጥያቄው s ከየት ይምጣ የሚለው ነው።

ከሰንጠረዡ s እንዳለ ማንሳት ይቻላል፣ ግን አልወደውም። በአምስት ድግግሞሽ የተሰላ s ራሱ በጣም ይዋዥቃል። በሦስት ድግግሞሽ ደግሞ የባሰ ነው። ሦስቱ ንባቦች በአጋጣሚ ቢገጣጠሙ s ወደ ዜሮ ይጠጋል። ያኔ ያ አንድ ነጥብ መስመሩን ለብቻው ይቆጣጠራል።

የተሻለው s ከኮንሰንትሬሽን ጋር እንዴት እንደሚያድግ በለስላሳ ቀመር መግለጽ ነው፦

s² = a² + (b·x)²

a ከታች የማይጠፋው የመሣሪያው ጫጫታ ነው። b ደግሞ ከኮንሰንትሬሽኑ ጋር የሚያድገው ክፍል ነው። a ከዝቅተኛው ስታንዳርድ ወይም ከብላንክ ድግግሞሽ ይገኛል፤ እዚህ 0.001 ነው። b ን ለማግኘት የላይኞቹን s በኮንሰንትሬሽናቸው አካፍሉ። 0.0035 በ1፣ 0.0070 በ2፣ 0.0180 በ5። ሁሉም 0.0035 አካባቢ ይወድቃሉ። ይህን ወሰድን። ቀመሩ ለ0.1 ስታንዳርድ 0.0011፣ ለ5 ስታንዳርድ 0.0175 ይሰጣል። ከተለካው ጋር ይስማማል።

ድግግሞሽ ከሌላችሁስ? ያኔ 1/x ወይም 1/x² ይሞከራል። 1/x² ማለት መበታተኑ በመቶኛ ሲታይ ከታች እስከ ላይ አንድ ነው ማለት ነው። በምሳሌያችን 1/x² ኢንተርሴፕት 0.0021፣ ስሎፕ 0.1987 ይሰጣል። ከሙሉው ቀመር ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። 1/x ደግሞ 0.0025 እና 0.1976 ይሰጣል፤ የ0.1 ስታንዳርድ ስህተት ከ10.8 ወደ 1.4 በመቶ ይወርዳል። ክብደቱ ልክክ ባይልም እንኳ ክብደት አለመስጠትን ያስንቃል።

1/x² ግን ሁለት ወጥመድ አለው። አንዱ ዜሮ ስታንዳርድ ነው። በዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ሶፍትዌሩ ወይ ይቆማል ወይ ነጥቡን ዝም ብሎ ይጥለዋል። ሌላው የታችኛው ጫፍ ነው። በእኛ መረጃ 1/x² ከጠቅላላው ክብደት 77 በመቶውን ለ0.1 ስታንዳርድ ብቻ ይሰጣል። በ a እና b ቀመር ግን 47 በመቶ ነው። ያ አንድ ፍላስክ ቢበከል መስመሩ ሁሉ ከእሱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ 1/x² ስትጠቀሙ ዝቅተኛውን ስታንዳርድ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ አዘጋጁት።

ደረጃ 5፦ አስሉ

በኤክሴል ግራፉ ላይ የሚመጣው ትሬንድላይን ክብደት አይቀበልም። መንገዱ እያንዳንዱን ነገር በ s ማካፈል ነው። x በ A፣ አብዞርባንሱ በ B፣ በቀመሩ የተሰላው s በ C ዓምድ ከ2ኛው ረድፍ ጀምሮ ይሁን። ከዚያ እንዲህ ሙሉ፣ D፣ E እና F ንም እስከ 7ኛው ረድፍ ጎትቱ፦

```
D2: =1/C2
E2: =A2/C2
F2: =B2/C2
H2: =LINEST(F2:F7,D2:E7,FALSE,TRUE)
```

LINEST መልሱን ገልብጦ ነው የሚሰጠው። የመጀመሪያው ቁጥር ስሎፕ፣ ሁለተኛው ኢንተርሴፕት ነው። ሦስተኛው ዜሮ ይሆናል፣ እሱን እለፉት። እዚያው የሚወጣውን R²ም እለፉት። በዜሮ በኩል እንዲያልፍ ተደርጎ የተሰላ ስለሆነ ከተራው R² ጋር አይወዳደርም።

በ R ፕሮግራም አጭር ነው፦

```r
x <- c(0.1, 0.2, 0.5, 1, 2, 5)
y <- c(0.022, 0.042, 0.101, 0.202, 0.404, 0.983)
s <- sqrt(0.001^2 + (0.0035*x)^2)
coef(lm(y ~ x, weights = 1/s^2))
```

በፓይተን እንዲህ ነው፦

```python
import numpy as np
x = np.array([0.1, 0.2, 0.5, 1, 2, 5])
y = np.array([0.022, 0.042, 0.101, 0.202, 0.404, 0.983])
s = np.sqrt(0.001**2 + (0.0035*x)**2)
print(np.polyfit(x, y, 1, w=1/s))
```

ልዩነቱን አያችሁት? `lm` የሚፈልገው 1/s² ነው። `polyfit` ግን 1/s ነው የሚፈልገው፣ ካሬውን ራሱ ውስጥ ውስጡን ያደርገዋል። እዚያ 1/s² ብትሰጡት ክብደቱ 1/s⁴ ይሆናል። ስህተት መልእክት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ዝም ብሎ ሌላ መስመር ይሰጣችኋል። እኔም በዚህ ተሸውጄ አውቃለሁ። ያወቅኩት ያንኑ መረጃ በኤክሴል ስደግመው ሌላ መልስ ሲመጣ ነው።

መስመሩ እንዲህ ይሆናል፦

A = 0.0022 + 0.1987·x

ወደ ኋላ ስናሰላ 0.1 ላይ 0.3 በመቶ፣ 0.5 ላይ 0.5 በመቶ ይጎድላል። 0.2 ላይ 0.2፣ 1 ላይ 0.6፣ 2 ላይ 1.1 በመቶ ይተርፋል። 5 ላይ 1.3 በመቶ ይጎድላል። የላይኛው ጫፍ ትንሽ ተበላሸ፣ የታችኛው ዳነ። ግን የ5 ስታንዳርድ መበታተን ራሱ ወደ 2 በመቶ ስለሚጠጋ 1.3 በመቶ ምንም ማለት አይደለም።

ደረጃ 6፦ ክብደቱ ሌላ በሽታ እንዳይሸፍን

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ለላይኛው ነጥብ ድምፁን ስንቀንስ፣ መስመሩ ከላይ በእርግጥ ቢጎብጥም አይታየንም። መጉበጥ ደግሞ በስፔክትሮፎቶሜትር የተለመደ ነው። መንገዱን ስቶ የሚገባ ብርሃን ወይም ለከፍተኛው ስታንዳርድ ያልበቃ ፌናንትሮሊን የላይኛውን ንባብ ዝቅ ያደርገዋል። መበታተን እና መጉበጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክብደት የሚያክመው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ለማጣራት ከመስመሩ ያለውን ልዩነት በመበታተኑ አካፍሉ። እዚህ አማካዮቹ የአምስት ንባብ ስለሆኑ የምናካፍለው በ s/√5 ነው። ለ5 ስታንዳርድ ልዩነቱ −0.0125 ነው። በ0.0078 ሲካፈል −1.6 ይሆናል። ለ2 ስታንዳርድ +1.4፣ ለ1 ስታንዳርድ +0.7 ነው። ሁሉም ከ−2 እስከ +2 ባለው ውስጥ ናቸው፣ ደህና ነው። ግን 1 እና 2 ከመስመሩ በላይ ሆነው 5 በታች መሆኑ ትንሽ ዓይን ይስባል። የመጉበጥ መልክ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ጥርጣሬውን በአሥር ደቂቃ መፍታት ይቻላል። ቀለሙ የወጣውን የ5 ስታንዳርድ ወስዳችሁ በእኩል መጠን ብላንክ አቅጥኑት፣ አንብቡት። መስመሩ ቀጥ ያለ ከሆነ ንባቡ ግማሽ ይሆናል፣ ማለትም 0.49 አካባቢ። ደጋግማችሁ 0.50 እና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ከላይ ያለው ንባብ በእርግጥ ተጨቁኗል። ያኔ መፍትሔው ክልሉን ዝቅ ማድረግና ከፍ ያሉ ናሙናዎችን አቅጥኖ ማንበብ ነው።

ደረጃ 7፦ የናሙናውን ስህተት ከትክክለኛው ቦታ ውሰዱ

ክብደት መስጠት ከመስመሩ ይልቅ በይበልጥ የሚጠቅመው እዚህ ሊሆን ይችላል። ተራው ስሌት በ30ዎቹ ንባቦች ላይ ለሁሉም አንድ መበታተን ያወጣል፤ በእኛ መረጃ 0.008 አካባቢ ነው። ከታች ካለው እውነት ስምንት እጥፍ ይበልጣል። ከላይ ካለው ደግሞ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

0.030 ያነበበውን ናሙና እንመልከት። በተራው ስሌት 0.130 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.042 ሚሊግራም በሊትር ትላላችሁ። አንድ ሦስተኛው ስህተት ነው ማለት ነው፣ እንዲህ ያለ ውጤት ማን ይቀበላል? በቀመራችን ግን ለ0.14 የሚሆነው s 0.0011 ነው። በስሎፑ ሲካፈል 0.006 ይመጣል። ውጤቱ 0.140 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.006 ነው። ይህ የአንድ ንባብ መበታተን ብቻ ነው። የመስመሩ የራሱ እርግጠኛ አለመሆን ትንሽ ይጨምርበታል። ከላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ለ3 ሚሊግራም ናሙና ተራው 0.042 ብሎ ያሞካሻችኋል፣ እውነቱ 0.053 ነው።

a እና b ን፣ የተለኩበትን ቀንና የድግግሞሹን ብዛት በአሠራር ሰነዳችሁ ላይ ጻፉ። የክብደቱን ዓይነትም ናሙና ከማንበባችሁ በፊት ወስኑ። ውጤቱን ካያችሁ በኋላ 1/x ን እና 1/x² ን እያፈራረቃችሁ ደስ የሚለውን መምረጥ አይቻልም። መብራቱ ሲቀየር፣ አዲስ ፒፔት ሲገባ ወይም ሥራውን ሌላ ሰው ሲረከብ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ስታንዳርድ አምስት አምስት ጊዜ ደግማችሁ አዘጋጁ። s ከቀመሩ ጋር ከተስማማ ቀጥሉ። ሁለት እጥፍ ከሆነ ግን ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።